የፊደል መመለሻ ሠንጠረዥ፦ ከፒዲኤፍ የተቀዳ አማርኛ ለምን ይበላሻል?

ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የሚነበብ የአማርኛ ፒዲኤፍ ከፍተው አንድ አንቀጽ ኮፒ ያደርጉና ወርድ ላይ ፔስት ሲያደርጉት ባዶ ሣጥኖች፣ የጥያቄ ምልክቶች ወይም ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፎንት አልተጫነም የሚል ነው። ሰውም ፎንት እያወረደ ይጭናል፤ ጽሑፉ ግን እንደተበላሸ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ፎንት ሳይሆን በራሱ በፒዲኤፉ ውስጥ መኖር የነበረበት አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። በፋይሉ ውስጥ ToUnicode በሚል ስም ይቀመጣል፤ በአማርኛ «የፊደል መመለሻ ሠንጠረዥ»፣ ባጭሩም «መመለሻ» ልንለው እንችላለን። ይህ ሠንጠረዥ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ብዙ የማይጎዳ ነገር ነው። ለአማርኛ ግን የግድ ነው፤ ለምን የግድ እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የተበላሸውን ፋይል ለመመርመርም ሆነ አዲሱን በትክክል ለማዘጋጀት ይጠቅማል።

ፒዲኤፍን አዶቤ በ1993 ሲያወጣው ዓላማው አንድ ገጽ በማንኛውም ስክሪንና ማተሚያ ላይ መልኩ ሳይለወጥ እንዲታይ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው በዋናነት የሥዕል ትእዛዝ ነው፦ «እዚህ ቦታ ላይ፣ በዚህ መጠን፣ ከዚህ ፎንት ይህን ቁጥር የያዘውን ሥዕል አኑር» የሚል። ቁጥሩ ፎንቱ ውስጥ ያለ የአንድ ሥዕል መለያ እንጂ የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር አይደለም። ፒዲኤፍ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ከፎንቱ ውስጥ ገጹ ላይ የዋሉትን ፊደላት ብቻ ቆርጦ ሲያስገባ፣ ሥዕሎቹን ከ1 ጀምሮ እንደ አዲስ ሊቆጥራቸውም ይችላል። ገጹ ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ ቢኖር፣ «ሰ» 1፣ «ላ» 2፣ «ም» 3 ሊሆኑ ይችላሉ። የገጹ ትእዛዝም ይህን ይመስላል፦

```
<000100020003> Tj
```

ለዓይን ይህ በቂ ነው፤ ሦስቱ ሥዕሎች በቦታቸው ይሳላሉ፣ «ሰላም» ተብሎ ይነበባል። ኮፒ ስናደርግ ግን ፒዲኤፍ ማንበቢያው ሥዕል ሳይሆን ፊደል ማስረከብ አለበት። 1 ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ከሥዕሉ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግረው መመለሻው ነው፦

```
3 beginbfchar
<0001> <1230>
<0002> <120B>
<0003> <121D>
endbfchar
```

በግራ በኩል ያለው የሥዕሉ ቁጥር፣ በቀኝ ያለው የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር ነው። ከሥዕል ወደ ፊደል የሚመልስ በመሆኑ ነው «መመለሻ» የሚለውን የመረጥኩት። ይህ ሠንጠረዥ ሲጎድል ማንበቢያው ብዙ ጊዜ የሥዕሉን ቁጥር ራሱን እንደ ፊደል ቁጥር አድርጎ ያስረክባል። ከ1 እስከ 31 ያሉት የዩኒኮድ ቁጥሮች የመቆጣጠሪያ ምልክቶች እንጂ የሚታዩ ፊደላት ስላልሆኑ፣ እንደ ምሳሌያችን እንደ አዲስ የተቆጠረ ፎንት ሣጥን ወይም ባዶ ቦታ ይሰጣል። ፎንቱ የመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንደያዘ ከገባ ደግሞ ቁጥሮቹ ከፍ ስለሚሉ፣ ለምሳሌ 0135 የሚል ቁጥር ያለው የአማርኛ ፊደል ĵ ሆኖ ይወጣል። ሣጥኑም እንግዳው የላቲን ፊደልም የአንድ በሽታ ሁለት መልኮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ ከተሳለ፣ መመለሻ በሌለው ፋይል ውስጥ እንግሊዝኛው ደህና ወጥቶ አማርኛው ብቻ የሚበላሸው ለምንድን ነው? መልሱ በፒዲኤፍ ደንብ ውስጥ ነው። ለላቲን ፊደላት ደንቡ ራሱ የሚያውቃቸው ቋሚ ኮዶች አሉ፤ WinAnsiEncoding የሚባለው አንዱ ነው። ፋይሉ ይህን ኮድ እጠቀማለሁ ካለ፣ 65 ቁጥር A መሆኑን ማንበቢያው ያለ ሠንጠረዥ ያውቃል። ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛም አዶቤ ቀድሞ ያዘጋጃቸውና ቁጥራቸው የተወሰነ የፊደል ስብስቦች አሉ፤ Adobe-Japan1 ከእነዚህ አንዱ ነው። ለግዕዝ ፊደል ግን በደንቡ ውስጥ ቋሚ ኮድም ሆነ ቀድሞ የተዘጋጀ ስብስብ የለም። ስለዚህ የአማርኛ ፎንት ብዙውን ጊዜ Identity-H በሚል ስያሜ ይገባል፤ ትርጉሙም «ቁጥሩ የሥዕሉ ቁጥር ነው፣ ሌላ አትጠይቀኝ» እንደማለት ነው። ለሌሎቹ ሁለትና ሦስት መንገድ ሲኖር ለእኛ የቀረልን አስተማማኝ መንገድ መመለሻው ብቻ ነው። ችግሩ አማርኛን መርጦ የሚያጠቃ የሚመስለው ለዚህ ነው።

«ዩኒኮድ ይህን ሁሉ አልፈታውም እንዴ?» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ከ1200 እስከ 137F ያለው ክልል የእሱ ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍም ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ቢላክ አይበላሽም። ነገር ግን ዩኒኮድ የሚያስተካክለው የተጻፈውን ጽሑፍ ነው። ፒዲኤፍ የሚፈጠረው ጽሑፉ ወደ ሥዕል ከተለወጠ በኋላ ነው፤ የሚለውጠው ፕሮግራም የፊደሎቹን ቁጥር በመመለሻ ካላስቀመጠ ዩኒኮዱ እዚያው በር ላይ ይቀራል። በተለይ ፋይሉ በቀጥታ እንደ ፒዲኤፍ ሳይቀመጥ፣ በማተሚያ ትእዛዝ በኩል «ታትሞ» ፒዲኤፍ ሲሆን ይህ ያጋጥማል፤ ለማተሚያ የሚላከው ሥዕል ነውና የፊደሉን ማንነት የሚሸከም ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ስከፍተው በትክክል ተቀድቷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማንበቢያው ነው» የሚለው ነው። ይህ በከፊል እውነት አለው። አንዳንድ ፎንቶች ለእያንዳንዱ ሥዕል ስም ይሰጣሉ፤ uni1230 የሚል ስም ያለው ሥዕል «ሰ» መሆኑን ከስሙ ማወቅ ይቻላል። ይህን የሚፈልግ ማንበቢያ ይሳካለታል፣ የማይፈልግ ይወድቃል። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መሞከር አያስቆጭም። ግን ይህ ግምት ነው፤ ፎንቱ ሲቆረጥ ስሞቹ አብረው ከተጣሉ ማንም ማንበቢያ አያድነውም።

ፋይሉ መመለሻ እንዳለው ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ገጹ ላይ በዓይን የሚታይን አንድ የአማርኛ ቃል በፍለጋ ሣጥኑ መፈለግ ነው። ቃሉ ፊት ለፊት እየታየ «አልተገኘም» ካለ ነገሩ አልቋል፤ ገና ኮፒ ሳይደረግ ችግሩ በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ታውቋል። ዝርዝሩን ለማየት ፖፕለር ከሚባለው ነጻ የፕሮግራም ስብስብ ጋር የሚመጣው pdffonts ይጠቅማል፦

```
$ pdffonts lesson.pdf
name          type          encoding    emb sub uni
ABCDEF+Nyala  CID TrueType  Identity-H  yes yes no
```

ከስሙ በፊት ያሉት ስድስት ፊደላትና የመደመር ምልክቱ ፎንቱ ተቆርጦ መግባቱን ያሳያሉ። emb ስር yes መኖሩ ገጹ ለምን አምሮ እንደሚታይ ይነግረናል፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። uni ስር ያለው no ደግሞ መመለሻው እንደሌለ ያሳያል። ሌላ ፎንት መጫን የማይረዳውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፎንቱ አስቀድሞ ውስጡ አለ። ፎንት መጫን የሚያድነው ቁጥሮቹ በትክክል ተቀድተው ተቀባዩ ኮምፒውተር የግዕዝ ሥዕል ሲያጣ ብቻ ነው፤ ይህ ዛሬ ብዙም አያጋጥምም።

ነገር ግን uni ስር yes ማለት ሠንጠረዥ አለ ማለት እንጂ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ይህ በተለይ በቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ላይ ይታያል። ከዩኒኮድ በፊት ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ኮድ ነበር፣ ከዚያም ላይ የተወሰኑት ለመቆጣጠሪያ የተያዙ ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባቱ ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከአቅሙ ያልፋሉ። ስለዚህ አዘጋጆቹ የአማርኛውን ሥዕል በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ አስቀመጡ፣ ያልበቃውንም በሁለተኛ ፎንት ከፈሉት። እንዲህ ባለ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ መመለሻው በታማኝነት የላቲኑን ፊደል ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ከመጀመሪያውም እንደ ላቲን ነበርና የሚያውቀው። የዚህ ዓይነቱ ብልሽት መልካም ጎኑ ወጥ መሆኑ ነው፦ አንድ የአማርኛ ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የላቲን ምልክት ይሆናል፣ ስለዚህ በለዋጭ ፕሮግራም መመለስ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በሁለቱ ፎንቶች ውስጥ አንዱ ኮድ ሁለት የተለያዩ ፊደላትን ሊወክል ስለሚችል፣ የፎንቱን ስም የማይዝ ተራ ጽሑፍ አድርጎ መቅዳት መለያውን ያጠፋዋል። ከለዋጩ በፊት የፎንቱ ስም እንዳለ ወደ ወርድ መውሰድ፣ ከተቻለም ፒዲኤፉን ትቶ የመጀመሪያውን የወርድ ፋይል መፈለግ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ብልሽትም አለ። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ምልክት ሆኖ፣ የመጀመሪያው ሁልጊዜ á ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሰ» áˆ° ከሆነ፣ ጥፋቱ የፒዲኤፉ አይደለም። ጽሑፉ በትክክል በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ ተቀባዩ ፕሮግራም በሌላ ኮድ አንብቦታል ማለት ነው፤ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 እንደገና መክፈት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

መመለሻው ጨርሶ የሌለውን ፋይል ለማዳን የመጀመሪያው አማራጭ ምንጩን አግኝቶ እንደገና ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ምንጩ ከጠፋ የሚቀረው ገጹን እንደ ፎቶ ቆጥሮ ፊደሉን ከመልኩ ማስለየት ነው። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ እሱን የሚጠቀመው ocrmypdf የቀድሞውን የተበላሸ ጽሑፍ ጥሎ አዲስ እንዲያስገባ እንዲህ ይታዘዛል፦

```
ocrmypdf -l amh --force-ocr lesson.pdf lesson-new.pdf
```

--force-ocr የሚለው ክፍል ወሳኝ ነው፤ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ገጹ ላይ ጽሑፍ እንዳለ አይቶ ሥራውን ያቆማል፣ ጽሑፉ የማይረባ መሆኑን አያውቅምና። ውጤቱ ደግሞ መታረም አለበት። ከመልክ የሚለይ ፕሮግራም በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለያዩትን «ለ» እና «ሉ»ን፣ «በ» እና «ቡ»ን ሊያምታታ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስህተት ደግሞ ከሣጥን ይልቅ አደገኛ ነው፣ ትክክለኛ የአማርኛ ፊደል ስለሚመስል ዓይን ያልፈዋል።

አዲስ ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው በቀጥታ እንደ ፒዲኤፍ ያስቀምጥ እንጂ በማተሚያ ትእዛዝ አይሂድ። ለመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ከሆነ የፒዲኤፍ ማኅደር ደንብ የሆነው PDF/A በ2011 በወጣው ሁለተኛ ክፍሉ ውስጥ u የሚል ደረጃ አለው፤ PDF/A-2u የሚል ፋይል እያንዳንዱ ፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር እንዲኖረው ይገደዳል። b የሚለው ደረጃ ግን የሚጠይቀው መልኩ እንዳይለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «በማኅደር ደንብ ተቀምጧል» መባሉ ብቻውን ለአማርኛ ዋስትና አይሆንም፤ ከቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል መታየት አለበት።