የሁለት ቀጣሪዎች ሠራተኛ የግብር ጉድለት

በኢትዮጵያ የመቀጠር ገቢ ግብር በየወሩ የሚሰላ ሲሆን የሚጣለው በሠራተኛው ጠቅላላ የወር ደመወዝ ላይ ነው። ሁለት ቀጣሪዎች ለየብቻ ሲያሰሉ ግን ከግብር ነጻ የሆነው 2,000 ብርና ዝቅተኛዎቹ ምጣኔዎች ሁለት ጊዜ ይታሰባሉ፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ግብር ያንሳል።

ለምሳሌ በደብረ ታቦር ቀን በትምህርት ቤት 9,000 ብር፣ ማታ በኮሌጅ 5,000 ብር የሚከፈለው መምህር በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ምጣኔ እንዲህ ይሰላለታል። ከብዜቱ የሚቀነሰው ቁጥር የዝቅተኛዎቹን ምጣኔዎች ልዩነት የሚያስተካክል ነው።

- ትምህርት ቤቱ፦ 9,000 × 25% − 850 = 1,400
- ኮሌጁ፦ 5,000 × 20% − 500 = 500
- በድምሩ ደመወዝ፦ 14,000 × 30% − 1,350 = 2,850

ቀጣሪዎቹ የቀነሱት 1,900 ብር በመሆኑ ጉድለቱ በወር 950፣ በዓመት 11,400 ብር ነው። ደመወዙ ከወር ወር ከተለያየ እያንዳንዱ ወር ለብቻው ተሰልቶ ይደመራል።