ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ለሚጓጓዝ ጭነት የዓመት ውል ስለመደራደር

ይህ መረጃ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ጭነት ለሚያስመጡ ነጋዴዎችና ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። የማጓጓዣ ዋጋ በኩንታል ይነገራል። ሆኖም አስጫኙ በዓመት የሚከፍለውን ድምር የሚወስነው የኩንታሉ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመጠን ግዴታ፣ የነዳጅ ጭማሪ እና የማቆያ ክፍያ በውሉ ውስጥ የሰፈሩበት አኳኋንም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማስረዳት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም።

1. የመጠን ግዴታ

አጓጓዥ ዋጋ የሚቀንሰው ተሽከርካሪው ሥራ እንደማይፈታ ሲረጋገጥለት ነው። ስለሆነም ቅናሽ የሚጠይቅ አስጫኝ በዓመት ቢያንስ ምን ያህል እንደሚያስጭን በውል ይገልጻል። ለምሳሌ አንድ አስጫኝ በወር 2,000 ኩንታል፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 400 ኩንታል የሚይዙ አምስት ባለተሳቢ ተሽከርካሪዎች ያስፈልጉታል እንበል። የዓመት ዕቅዱ 24,000 ኩንታል ይሆናል። መርከብ ወይም የባንክ ፈቃድ ሊዘገይ ስለሚችል ሙሉውን ዕቅድ ግዴታ አድርጎ መፈረም አይመከርም። አስጫኙ የዕቅዱን 80 በመቶ፣ ማለትም 19,200 ኩንታል ግዴታ አድርጎ ገባ፤ ያለ ውል በኩንታል 315 ብር የነበረውም ዋጋ ወደ 300 ብር ዝቅ አለለት።

በዓመቱ መጨረሻ የተጫነው 18,200 ኩንታል ቢሆን ከግዴታው 1,000 ኩንታል ይጎድላል። ያልተጓዘ ተሽከርካሪ ነዳጅም ጎማም ስለማይፈጅ ለጎደለው መጠን ሙሉ ዋጋ መክፈል ተገቢ አይሆንም። ስምምነቱ የዋጋውን 20 በመቶ ከሆነ የጉድለት ክፍያው 60,000 ብር ነው። ከቅናሹ የተገኘው ጥቅም 273,000 ብር ስለሆነ አስጫኙ አሁንም 213,000 ብር ይተርፈዋል።

በዚህ ክፍል በብዙ ውሎች የሚዘነጋው የአጓጓዡ ግዴታ ነው። የማዳበሪያ ጭነት በሚበዛበት ወቅት ተሽከርካሪ ሊጠፋ ይችላል። አጓጓዡ በተስማሙበት ቀን ተሽከርካሪ ካላቀረበ ያልተጫነው መጠን እንደተጫነ የሚቆጠር መሆኑ በውሉ ሊሰፍር ይገባል። ይህ ካልሆነ አስጫኙ በራሱ ጥፋት ላልጎደለ መጠን ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

2. የነዳጅ ጭማሪ

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 መሠረት የውል አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ መሆኑ ብቻውን ውሉን ቀሪ አያደርገውም። ስለዚህ ስለ ነዳጅ ምንም የማይል ውል የዋጋ ንረቱን በአጓጓዡ ላይ ይጥላል። ይህ ለአስጫኙ የሚጠቅም ቢመስልም በተግባር አጓጓዡ ተሽከርካሪውን ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዞር ይገፋፋዋል። የሚመረጠው መንገድ የስሌቱን ቀመር አስቀድሞ መስማማት ነው።

ለቀመሩ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ውሉ በተፈረመበት ቀን የነበረው የናፍጣ ዋጋ፣ ከማጓጓዣ ዋጋው ውስጥ የነዳጅ ድርሻ፣ እንዲሁም ማስተካከያው የሚጀምርበት ቀን። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት የሚገለጽ በመሆኑ መነሻውን ማረጋገጥ አያስቸግርም። የነዳጅ ድርሻ 40 በመቶ ነው ከተባለና ናፍጣ በ10 በመቶ ከጨመረ የማጓጓዣ ዋጋው የሚጨምረው በ4 በመቶ፣ ማለትም ከ300 ወደ 312 ብር ነው። አጓጓዡ «ነዳጅ 10 በመቶ ጨምሯል» በማለት 330 ብር ቢጠይቅ በወር 2,000 ኩንታል ላይ ልዩነቱ 36,000 ብር ይሆናል። ቀመሩ ነዳጅ ሲቀንስም በተመሳሳይ መንገድ እንደሚሠራ በውሉ መጻፍ አለበት።

3. የማቆያ ክፍያ

ተሽከርካሪ ጭነት ሳያራግፍ ሲቆም አጓጓዡ ክፍያ ይጠይቃል። አለመግባባት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በክፍያው መጠን ሳይሆን ሰዓቱ መቆጠር በሚጀምርበት ጊዜ ላይ ነው። ውሉ «ሰዓቱ የሚቆጠረው ሹፌሩ መድረሱን አስታውቆ የአስጫኙ ተወካይ በመድረሻ ቅጽ ላይ ከፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ነው» ሊል ይችላል። ነፃው ጊዜ 24 ሰዓት ሆኖ ሰኞ ጠዋት 4፡00 የደረሰ ተሽከርካሪ ረቡዕ ጠዋት 4፡00 ቢያራግፍ የሚከፈለው የአንድ ቀን ብቻ ነው። መዘግየቱ የተፈጠረው በአስጫኙ ሰነድ አለመሟላት ከሆነ ክፍያው የአስጫኙ ነው፤ በተሽከርካሪ ብልሽት ከሆነ ግን ሰዓቱ አይቆጠርም። ይህ ልዩነት በውሉ ካልተጻፈ ሁለቱም ወገኖች ለተመሳሳይ ቀን የተለያየ ምክንያት ያቀርባሉ።

ከመፈረም በፊት

አስጫኙ የቀረበለትን ረቂቅ ውል ባለፈው ዓመት ደረሰኞች ላይ ቢሞክረው ይመረጣል። በየወሩ የተጫነውን መጠን፣ የናፍጣ ዋጋ የተለወጠባቸውን ቀናትና ተሽከርካሪዎች የቆሙባቸውን ቀናት በአዲሱ ውል አስልቶ ድምሩን ከከፈለው ጋር ያነጻጽራል። በኩንታል ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አጓጓዥ በድምሩ ውድ ሆኖ ከተገኘ ድርድሩ መቀጠል ያለበት በኩንታሉ ዋጋ ላይ ሳይሆን ልዩነቱን በፈጠረው አንቀጽ ላይ ነው።