የባሕር ሞገድ ስለ ምን ሁለት ፍጥነት ኖረው?

ሰፊና ጸጥ ባለ ኩሬ ውስጥ ከበድ ያለ ድንጋይ የጣለ ሰው ሁሉ ሞገዱ ክብ እየሠራ ከመካከል ወደ ዳር ሲሄድ ያያል። ነገር ግን ከሞገዶቹ አንዱን አናት ብቻ መርጦ በዓይኑ ቢከተለው እንግዳ ነገር ያገኛል። አናቱ ከሞገዶቹ ቡድን በስተኋላ ይወለዳል፤ በቡድኑ መካከል አልፎ ወደ ፊት ይገሠግሣል፤ ከፊተኛው ጠርዝ ሲደርስም እየደከመ ይጠፋል። በስተኋላም በምትኩ ሌላ አናት ይነሣል። እንግዲህ በአንድ ውሃ ላይ ሁለት ፍጥነት አለ ማለት ነው። አንደኛው የአናቱ ፍጥነት ሲሆን ሊቃውንት ፌዝ ቬሎሲቲ ይሉታል። ሁለተኛው የመላው ቡድን ፍጥነት ነው፤ ይህንንም ግሩፕ ቬሎሲቲ ይሉታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩና ሰዎች ይህን እንዴት እንደ ደረሱበት ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን አስቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጆን ስኮት ራስል ነበር። እርሱም ስለ ሞገድ ባቀረበውና በ1844 ዓ.ም. በታተመው ዘገባ ላይ ጽፎታል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ በሒሳብ ተገልጦ በሰፊው የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1876 ዓ.ም. ጆርጅ ስቶክስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሽልማት የሚወዳደሩ ተማሪዎች ይመልሱት ዘንድ ይህንኑ ነገር የፈተና ጥያቄ አድርጎ አቀረበው።

የስቶክስን ሐሳብ ለመረዳት አስቀድመን አንድ ነገር ማወቅ ይገባናል። በጥልቅ ውሃ ላይ ረጅም ሞገድ ከአጭር ሞገድ ይፈጥናል። ከአንዱ አናት እስከ ሚቀጥለው አናት ያለው ርቀት አራት እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሞገዶች አብረው ቢነሡ በመንገድ ላይ ይለያያሉ፤ ይህ መለያየት ዲስፐርሽን ይባላል።

አሁን ሁለት ሞገዶች በአንድነት ሲሄዱ እናስብ። አንደኛው 100 ሜትር ርዝመት ኖሮት በሰከንድ 12.5 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለተኛው 110 ሜትር ርዝመት ኖሮት በሰከንድ 13.1 ሜትር ይጓዛል። የሁለቱ አናት በአንድ ቦታ ላይ ሲገጥም ውሃው ከሁሉ ይልቅ ከፍ ይላል፤ የቡድኑ መካከል ይህ ነው። ከዚህ ቦታ በስተኋላ የአጭሩ ቀጣይ አናት በ100 ሜትር፣ የረጅሙ ቀጣይ አናት ደግሞ በ110 ሜትር ርቀት ላይ ይከተላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 10 ሜትር ነው። ረጅሙ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ስለሚበልጥ፣ ይህን ልዩነት ጨርሶ አጭሩን የሚደርስበት ከ16.4 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአጭሩ አናት 205 ሜትር ተጉዟል። ነገር ግን ጉዞውን የጀመረው ከ100 ሜትር በስተኋላ ስለሆነ፣ አዲሱ መገናኛ ከቀድሞው መገናኛ 105 ሜትር ብቻ ይርቃል። 105 ሜትር በ16.4 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 6.4 ሜትር ነው። እነሆ፣ አናቶቹ በሰከንድ 13 ሜትር ያህል ሲሮጡ ከፍተኛው ቦታ የሚራመደው በእኩሌታው ብቻ ነው። ሁለቱ ሞገዶች እኩል ቢፈጥኑ ኖሮ ግን ኋለኞቹ አናቶች ከቶ አይገናኙም ነበር፤ ቡድኑም ከአናቶቹ ጋር እኩል በሄደ ነበር። የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት የሚመጣው እንግዲህ ከዲስፐርሽን ነው።

በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ይህንኑ በጉልበት በኩል ገለጠው። ሞገድ ሲያልፍ ውሃው አብሮ አይሄድም፤ እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ በቦታው ክብ እየሠራ ይዞራል። በጥልቅ ውሃ ሞገዱ የራሱን ርዝመት ያህል በሚራመድበት ጊዜ ወደ ፊት የሚያሻግረው የጉልበቱን እኩሌታ ብቻ ነው። የፊተኛው አናት ገና ወዳልተነካ ውሃ ሲገባ በግማሽ ጉልበት ይገባልና ይደክማል፤ በስተኋላ የቀረው ጉልበት አዲሱን አናት ያስነሣል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚደርሰው ቡድኑ ሲደርስ ነው እንጂ በአናቱ ፍጥነት አይደለም።

ይህ ትምህርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብዙ ሰዎች ሕይወት የሚያስፈልግ ሆነ። ወታደሮችን በትናንሽ ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ማውረድ ሲያስፈልግ፣ ከሩቅ ዐውሎ ነፋስ የሚመጣው ሞገድ በምን ቀን እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነበር። በ1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴዲንግተን ይህን የሚያጠና ቡድን ተቋቋመ። ከአባላቱም ኖርማን ባርበርና ፍሪትዝ ኡርሴል በኮርንዎል አጠገብ በፔንዲን ከባሕር ወለል ላይ የተቀመጠ መሣሪያ የጻፈውን የግፊት መዝገብ መረመሩ። ተደባልቀው የመጡትን ሞገዶች በሌላ መሣሪያ እንደየጊዜያቸው ለዩአቸው፤ ይኸውም በአንድ አናትና በሚከተለው አናት መካከል ስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ በመለየት ነው።

ሥራቸውን በራሳችን ምሳሌ እንመልከት። በአንድ ቀን የ20 ሰከንድ ሞገድ፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት የ16 ሰከንድ ሞገድ ደረሰ እንበል። በጥልቅ ባሕር የ20 ሰከንዱ አናት በሰከንድ 31.2 ሜትር፣ ቡድኑ ግን 15.6 ሜትር ይሄዳል። የ16 ሰከንዱ ቡድን በሰከንድ 12.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነታቸው እንደ 5 ለ4 ስለሆነ የጉዟቸው ጊዜ እንደ 4 ለ5 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ካላቸው እንግዲህ የመጀመሪያው 4 ቀን፣ ሁለተኛው 5 ቀን ተጉዘዋል። ዐውሎ ነፋሱም የነበረው ከ5,400 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ሥፍራ ነው።

አንድ ሰው በቡድኑ ፈንታ በአናቱ ፍጥነት ቢያሰላ፣ የጉዞውን ቀን አይስትም፤ ርቀቱን ግን እጥፍ አድርጎ 10,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይለዋል። ወይም ዐውሎው የት እንዳለ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ሞገዱ በ4 ቀን የሚደርሰውን በ2 ቀን ይደርሳል ብሎ ይናገራል። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚፈርደው የአየር ጠባይ ካርታ ነው። ባርበርና ኡርሴል መዝገባቸውን ከካርታው ጋር ባስተያዩ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሞገድ በራሱ የቡድን ፍጥነት እንደ ተጓዘ አገኙ፤ ውጤቱንም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ።

ይህ ስሌት ወሰን አለው። ዐውሎ ነፋስ በአንድ ነጥብና በአንድ ሰዓት ብቻ የሚነፍስ አይደለምና መልሱ የተቃረበ ነው። በሦስትና በአራት ቀን ከደረሱት ሞገዶች ጥንድ ጥንዱን ስናሰላ መልሱ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ፣ ከሁለት ዐውሎ የመጡ ሞገዶች ተቀላቅለዋል ብለን እንጠረጥራለን። ደግሞም ደንቡ የሚሠራው የባሕሩ ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት እኩሌታ በሚበልጥበት ቦታ ነው። ውሃው እጅግ ጥልቀት የሌለው ሲሆን ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ብቻ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ረጅሙም አጭሩም እኩል ስለሚሄዱ የአናቱና የቡድኑ ፍጥነት አንድ ነው። ባሕር ዳር ቆሞ ሞገድ የሚመለከት ሰው ሁለቱን ፍጥነቶች ለይቶ የማያየው ስለዚህ ነው፤ ልዩነታቸው ያለው ሞገዱ ትቶት በመጣው ጥልቅ ባሕር ላይ ነው።