እርከን ከእርከን በስንት ሜትር ይራቅ? ተዳፋቱና ዝናቡ የሚወስኑት

በተዳፋት ማሳ ላይ የአፈር እርከን ለመሥራት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንዱ እርከን ከሌላው በስንት ሜትር ይራቅ የሚለው ነው። ይህን የመሬቱ ተዳፋትና የአፈሩ ጥልቀት ይመልሱታል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ እርከኑ ውሃውን ይዞ ያቁመው ወይስ ቀስ አድርጎ ያፋስሰው? እዚህ ላይ ወሳኙ ዝናቡ ነው። ርቀቱ በትክክል ተለክቶ ሁለተኛው ጥያቄ ከተሳሳተ እርከኑ በአንድ ክረምት ሊፈርስ ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን እንደ ወገራ ባለ ደጋ፣ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ በሚወርድበት አገር፣ አንድ የገብስ ማሳ እንውሰድ። ተዳፋቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና ግንበኞች የሚጠቀሙበት ትንሽ ውሃ ልክ ይበቃሉ። አንዱ ሰው ዘንጉን ይዞ ከላይ ይቆማል፣ ሌላው ከታች። ሲባጎው ይወጠርና ውሃ ልኩ መካከሉ ላይ ይንጠለጠላል። የላይኛው ሰው የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ድረስ ሲባጎውን በዘንጉ ላይ ወደ ታች ያወርዳል። የወረደው 1.2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው ማለት ነው። ማሳው ወጥ ካልሆነ ሦስት አራት ቦታ መለካት ይገባል።

በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ደንብ ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ በ1986 እ.ኤ.አ. ለልማት ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። ተዳፋቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ከአንዱ እርከን እስከ ቀጣዩ መሬቱ 1 ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ለኛ ማሳ 1 ሜትርን ለ12 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ 8.3 ሜትር ይመጣል። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን ግን የአፈሩ ጥልቀት ይገባበታል፤ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ሊታረስ የሚችለው አፈር ጥልቀት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ተዳፋቱ 22 በመቶ፣ አፈሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 1.5 ሜትር፣ ርቀቱ 6.8 ሜትር ነው። አፈሩ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ 4.5 ሜትር ይወርዳል።

አፈሩ የሚቆጠርበት ምክንያት አለው። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው መሬት በየዓመቱ ሲታረስ ከላይ በኩል እየተሸረሸረ ከታች በኩል እየተከመረ ደረጃ ወደ መሆን ይሄዳል። አፈሩ ስስ ሆኖ እርከኑ ከተራራቀ በላይኛው ጠርዝ ላይ ድንጋዩና ፍሬ የማይሰጠው የታች አፈር ይወጣል። እዚያ ያለው ገብስ ሲቀጭጭ ገበሬው እርከኑን ይጠላዋል፤ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል 4.5 ሜትር ላይ ጥማድ በሬ ማዞር ትልቅ ጣጣ ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ለሣር ወይም ለዛፍ መተው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በማሳችን ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። አፈሩ ግማሹን ቢጠጣ ቀሪው 20 ሚሊ ሜትር ቁልቁል ይፈስሳል። ከላይ ያለው መሬት 8.3 ሜትር ስለሚረዝም በእያንዳንዱ ሜትር እርከን ላይ 166 ሊትር ውሃ ይደርሳል ማለት ነው።

እርከኑ ከላይ በኩል 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ፣ ከቦዩ በታች ደግሞ በወጣው አፈር የተሠራ ድልድል አለው። የድልድሉ ቁመት ከተጠቀጠቀ በኋላ 60 ሳንቲ ሜትር፣ መሠረቱ 1 ሜትር፣ አናቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። አፈሩ ተመልሶ እንዳይገባ በቦዩና በድልድሉ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ቦዩ በአንድ ሜትር 360 ሊትር ስለሚይዝ የመጀመሪያውን ዝናብ ያለ ችግር ይቀበላል።

በሐምሌ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፈሩ ጠግቦ የ40 ሚሊ ሜትሩ ዝናብ በሙሉ ቢፈስስ 332 ሊትር ይሆናል። በቦዩ ውስጥ የትናንቱ ውሃ ግማሽ ያህል ካለ ባዶው ቦታ 180 ሊትር ብቻ ነው። ትርፉ 150 ሊትር ገደማ ድልድሉን ተደግፎ ይቆማል። ድልድሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ይችለዋል። አንዲት ከብት የረገጠቻት ዝቅ ያለች ቦታ ካለች ግን የ60 ሜትር እርከን ትርፍ ውሃ፣ 9,000 ሊትር፣ ወደዚያች ቦታ ይሮጣል። ሲፈርስም ከታች ያለውን እርከን ይዞት ይሄዳል። እርከን ባልነበረበት ጊዜ በማሳው ሙሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ያኔ በአንድ ቦታ ቦረቦር ይቆፍራል።

ስለዚህ ዝናብ በሚያንስበት አካባቢ እርከኑ ፍጹም ልክ ሆኖ ውሃውን ይያዝ፤ እንደ ምሳሌያችን ዝናብ በሚበረታበት ደጋ ግን ቦዩ በትንሹ ዘንበል ይበል። የሚበቃው ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ነው፤ በ10 ሜትር ሲባጎ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። በጎጃም አንጀኒ የተሠሩት ፋንያ ጁ የሚባሉት፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልባቸው እርከኖች፣ እንዲህ ዘንበል ተደርገው የተቀየሱ ናቸው። በአገር ቤት ያረሱ አባቶች ፈሰስን ያውቁታል፤ ሐሳቡ ያው ውሃን ማስወጣት ነው፤ ነገር ግን ፈሰስ ብዙ ጊዜ ቁልቁል ስለሚሳል ውሃው ፈጥኖ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።

ዘንበል ያለ ቦይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ርዝመቱ እንዳይበዛ ነው። በሐምሌው ዝናብ ከ60 ሜትር ቦይ ጫፍ በሴኮንድ 5.5 ሊትር ይወጣል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ውሃውም እጥፍ ነው። ከ80 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለተኛው ውሃው የሚወርድበት ማፋሰሻ ነው። ማፋሰሻው ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ተሠርቶ ሣር መልበስ አለበት። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ውሃው በጎረቤት ማሳ ላይ ይለቀቅና ነገሩ ከሽማግሌ ፊት ይደርሳል። ከማሳው በላይ ተራራ ካለም መጀመሪያ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ከላይ የቆጠርነው ውሃ የማሳውን ዝናብ ብቻ ነውና።

በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ድልድሉን ከውስጥ ይበሳዋል። ድንጋይ ካለ በድንጋይ ካብ መሥራት ይሻላል፤ ውሃው በድንጋዩ መካከል ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ካቡ ሸክም አይበዛበትም።

ሥራው ትክክል መሆኑን ማሳው ራሱ ያሳያል። በሁለት እርከኖች መካከል ውሃ የቀደዳቸው ትናንሽ ቦዮች ከታዩ እርከኖቹ ተራርቀዋል ወይም ከላይ የማሳው ያልሆነ ጎርፍ እየገባ ነው። ከድልድሉ በላይ ያለው ሰብል በረድፍ ቢጫ ከሆነ ውሃ ተኝቶበታል፤ ቦዩ መውጫ ይፈልጋል። የቦዩ ወለል መሸርሸር ከጀመረ ደግሞ ዘንበሉ በዝቷል። ቦዩ በደለል ሲሞላ በበጋ ተጠርጎ አፈሩ ድልድሉ ላይ ይደፋል፤ ከአዝመራ በኋላ ከብት ልቅ ከተለቀቀ ግን የተደፋው አፈር እስከ ሰኔ አይቆይም።