የኬክሮስና ኬንትሮስ ልወጣ

በዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ የተጻፈ የቦታ መለኪያ ወደ አስርዮሽ ዲግሪ የሚለወጠው ደቂቃው ለ60፣ ሰከንዱ ለ3600 ተካፍሎ ከዲግሪው ጋር ሲደመር ነው። የአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ 9°01′48″ ሰሜን፣ በዚህ ስሌት 9.03 ይሆናል። አሃዞቹን ገጣጥሞ 9.0148 ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከተማዋን 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ገፍቷታል።

ለመመለስ 0.03 በ60 ይባዛል፤ 1.8 ይመጣል። 1 ደቂቃው ነው፤ የተረፈው 0.8 እንደገና በ60 ተባዝቶ 48 ሰከንድ ይሰጣል።

ደቡብና ምዕራብ በአስርዮሽ የመቀነስ ምልክት ይይዛሉ። በረጅም ዝርዝር ውስጥ ተንኮለኛው ስህተት የሚደበቀው እዚህ ነው። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 0°13′ ደቡብ ላይ ትገኛለች፤ ምልክቱ ዲግሪው ላይ ብቻ ከተደረገ ኮምፒውተሩ −0ን እንደ ተራ ዜሮ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔ ኪቶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከቦታዋ 48 ኪሎ ሜትር ርቃ ትታያለች። ስለዚህ አቅጣጫው በተለየ ዓምድ ተይዞ፣ ምልክቱ ከድምሩ በኋላ ይጨመራል።