የሥራ ውሎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

የሥራ ውሎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ከበርካታ ውሎች የሙከራ ጊዜን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜንና ደመወዝን አውጥቶ እያንዳንዱን ውል በአንድ ረድፍ የሚያሰፍር ሰነድ ነው። ከሉማሜም ሆነ ከአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የግል ድርጅት ውሎች የሚመዘኑት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ የቀኑ ዓይነት ከቁጥሩ ጋር መመዝገብ አለበት። ለምሳሌ «ሦስት ወር» የሚል ውል በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ 78 የሥራ ቀናት ስለሚደርስ፣ የውሉ ቃል እንዳለ ሰፍሮ ከጣሪያው ማለፉ በማስታወሻ ዓምድ ይጠቆማል። ማስጠንቀቂያ ሁለት ዓምድ ይሻል፤ በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፣ አሠሪው የሚሰጠው ግን እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደርሳል። ደመወዝም ግብርና የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከመቀነሱ በፊት ያለው ወይም የተጣራው መሆኑ ካልተለየ ንጽጽሩ ይዛባል።