የኦዲተር አስተያየት

የኦዲተር አስተያየት፣ የአንድ ድርጅት የሂሳብ መግለጫ በጠቅላላው ጉልህ ስህተት እንደሌለበት የውጭ ኦዲተር የሚሰጠው ምክንያታዊ ማረጋገጫ ነው። ፍጹም ዋስትና ግን አይደለም፤ ኦዲተሩ የሚመረምረው ናሙና እንጂ እያንዳንዱን ደረሰኝ አይደለም።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። ሂሳቡን ሰኔ 30 ቀን 2016 ዘጋ። ኦዲተሩ የመጋዘኑን ቆጠራ ተገኝቶ ታዘበ፣ የባንክ ቀሪውን ከባንኩ በቀጥታ አረጋገጠ፣ ከዚያም ነሐሴ ላይ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ፈረመ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ሱቁም ደንበኛውም ተበተነ። አስተያየቱ ተሳስቷል ማለት ነው? ስለ ፈረሳው በፊርማው ቀን የሚታወቅ ነገር ካልነበረ፣ አልተሳሳተም። የመሰከረው በሰኔ 30 ስለነበረው ሀብትና ዕዳ እንዲሁም በዓመቱ ስለተገኘው ውጤት ነው። ፊርማው እስከ ኅዳር ቢዘገይ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ፈረሳው በማብራሪያ መገለጽ፣ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል መቻሉም እንደገና መመዘን ነበረበት። ስለዚህ ባለአክሲዮን ከአስተያየቱ ዓይነት ጋር የፊርማውን ቀን ቢያይ ይበጀዋል።

ማጭበርበርስ? በጀርመኑ ኩባንያ በዋየርካርድ፣ ኦዲተሩ ኧርነስት ኤንድ ያንግ ለዓመታት ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሰጥቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የት እንዳለ ጠፋ፤ ገንዘቡ ተቀምጦባቸዋል የተባሉት የፊሊፒንስ ባንኮች ይህን የሚያሳዩት ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን ተናገሩ። ተባብረው ሰነድ የሚፈበርኩ ሰዎችን ኦዲት ሁልጊዜ አይደርስባቸውም፤ ማስረጃን ከባንኩ ራሱ መጠየቅ ግን ከኦዲተሩ የሚጠበቅ ነው።